የትርጉም ልቦለድ ሲነበብ፦ በመንገድ የቀረውን እንዴት እንፈልገው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ሳነብ ዱንያና አቭዶትያ ሮማኖቭና ሁለት ሴቶች መስለውኝ ነበር። አንድ ሴት ናት፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ የራስኮልኒኮቭ እህት። ከዚያ ወዲህ የትርጉም መጽሐፍ የማነበው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን ገጽ አያለሁ። ከየትኛው ቋንቋ ነው የተመለሰው? የሩሲያ ልቦለድ በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ ከመጣ ሁለት ወንዝ ተሻግሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ ብጣሽ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡና ስሞቹን ጻፉ። ሮማኖቪች «የሮማን ልጅ» ማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን ሮማኖቭና ይባላል። የራስኮልኒኮቭ የራሱ ስም ሮድዮን ነው፤ እናቱ ግን ሮድያ ትለዋለች፣ እኛ ገብረ ሥላሴን ገብሬ እንደምንለው። ስሙ ትርጉም ካለውም ከጎኑ አስፍሩት። «ራስኮልኒክ» ከቤተ ክርስቲያን የተገነጠለ ሰው ነው። ማርሜላዶቭ የሚባለው ሰካራም ደግሞ ስሙ የመጣው ከፍራፍሬ ጣፋጭ ነው፤ የእኛ ማርማላታ ዘመድ። ኑሮው መራራ፣ ስሙ ማርማላታ! ይህን ያላወቀ አንባቢ መራራውን ቀልድ ያልፈዋል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፦ «አንተ» እና «እርስዎ»። ሩሲያኛ እንደ አማርኛ ሁለቱን ይለያል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። 5ኛው ክፍል፣ 4ኛው ምዕራፍ ላይ ራስኮልኒኮቭ ምስጢሩን ለማርሜላዶቭ ልጅ ለሶንያ ሲገልጥላት፣ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስትለው የነበረችው ልጅ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አንተ ማለት ትጀምራለች። በመካከላቸው የነበረው አጥር የፈረሰው በዚያች አንዲት ቃል ነው። ከእንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ይህን ከአገባቡ መገመት አለበት። ስለዚህ እዚህ ቦታ ስትደርሱ የአማርኛው አጠራር ይለወጥ እንደሆነ እዩ። ካልተለወጠ የጠፋው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ፈሊጦችን በእርሳስ አስምሩ። ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንደኛው ማንም አማርኛ ተናጋሪ የማይለው አባባል ነው፤ ቃል በቃል የተመለሰ መሆኑን ይጠቁማል። ሁለተኛው ለመያዝ ይከብዳል፦ ከመጠን በላይ የለሰለሰው ነው። ሩሲያውያን «ለድመት ሁልጊዜ ቅበላ አይደለም፣ ዐቢይ ጾምም ይመጣል» ይላሉ። እንግሊዝኛው ይህን «መልካም ነገር ሁሉ ያልቃል» ወደሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር ሊለውጠው ይችላል። አማርኛው ከዚያ ከተቀዳ፣ ቅበላንም ጾምንም የሚያውቅ አንባቢ ድመቷን ሳያያት ቀረ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ግራ የሚያጋባ ሁሉ የተርጓሚው ጥፋት አይደለም። ያንኑ አንቀጽ ሌላ ሰው በተረጎመው ቅጂ አስተያዩት። እዚያም ግራ ካጋባችሁ፣ ምናልባት ደራሲው ራሱ እንዲያ ፈልጎት ይሆናል።