ፍጹም ዜሮን አዳማ ላይ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች መቀዝቀዝ የማይቻልበት መጠነ ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑን የሰማ ተማሪ ሁሉ «እዚያ ድረስ ማን ወርዶ ለካው?» ማለቱ አይቀርም። ማንም አልወረደም፤ ቁጥሩ የተገኘው ከሩቅ ሆኖ ነው። አንድ ደረቅ ብልቃጥ፣ የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ በረዶና የፈላ ውሃ ያለው የአዳማ ትምህርት ቤትም ወደዚያ ቁጥር በጣም ሊጠጋ ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብልቃጡን ከመለኪያው ጋር በአጭር ቱቦ ታያይዙና አየር እንዳያስወጣ ታሽጉታላችሁ። መጀመሪያ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ፣ ቀጥሎ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ግፊቱን ታነባላችሁ። ሁለቱን ነጥቦች ግራፍ ላይ አስቀምጣችሁ በመስመር ካገናኛችሁ በኋላ መስመሩን ግፊቱ ዜሮ እስከሚሆንበት ድረስ ወደ ታች ትቀጥሉታላችሁ። መስመሩ የሚያርፍበት መጠነ ሙቀት ፍጹም ዜሮ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ብልቃጡ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ታሸገ እንበል። ክፍት አየር ላይ ዜሮ የሚያሳየው መለኪያ በረዶው ውስጥ ከዜሮ በታች 7 ኪሎፓስካል፣ በፈላው ውሃ ውስጥ ደግሞ 19.3 ኪሎፓስካል አነበበ። ከዚህ በኋላ ነው ስህተቱ የሚጀምረው።

የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው ብሎ መጻፍ

ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ተማሪው ቴርሞሜትሩ 94.5 እያሳየው እንኳ 100 ብሎ ይጽፋል። «ቲቸር፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፤ ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው» የሚልም አይጠፋም። ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም። 100 ዲግሪ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት የሚሰጠው ቁጥር ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃውም 94.5 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል።

ስህተቱ ምን ያህል ያስከፍላል? በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 26.3 ነው። ይህን ለ94.5 ስናካፍለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.278 ኪሎፓስካል ይደርሳል። በበረዶው ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 76 ስለሆነ፣ 76ን ለ0.278 ስናካፍል 273 እናገኛለን፤ ፍጹም ዜሮ ከበረዶው በታች 273 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በ94.5 ፋንታ 100 ከተጻፈ ግን መልሱ 289 ይሆናል። እንግዲህ መልሳችሁ በ16 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ከመጣ፣ መሣሪያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የውሃውን መፍያ ተመልከቱ።

የመለኪያውን ዜሮ እንደ እውነተኛ ዜሮ መውሰድ

ከላይ 76 ያልኩት ከየት መጣ? መለኪያው የሚነግረን ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 7 ማለት 83 ሲቀነስ 7፣ ማለትም 76 ነው። ይህን ዘልሎ ንባቡን እንዳለ ግራፍ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ መስመሩ 25 ዲግሪ ላይ ዜሮ ይሆንበታል። ፍጹም ዜሮ የክፍላችን ሙቀት ነው እንደማለት ነው! ይህን ያህል የተሳሳተ መልስ ቶሎ ስለሚታወቅ ብዙም አያስፈራም። የሚያታልለው ከመጽሐፍ የወሰዱትን የባሕር ወለል ግፊት፣ 101 ኪሎፓስካልን መደመር ነው፤ ያኔ መልሱ ከዜሮ በታች 338 አካባቢ ይመጣል። መደመር ያለበት በዕለቱ አዳማ ውስጥ ያለው ግፊት ነው።

የሴልሺየስ ዜሮም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ውሃ የሚረጋበትን ነጥብ ሰዎች መነሻ አደረጉት እንጂ ሙቀት እዚያ አያልቅም። ለዚህ ነው ንጋት ላይ 15 ዲግሪ የነበረ አየር ከሰዓት 30 ሲሆን «እጥፍ ሞቀ» ማለት የማይቻለው። ከፍጹም ዜሮ በሚነሳው በኬልቪን ከ288 ወደ 303 ወጣ፤ ጭማሪው 5 በመቶ ብቻ ነው።

ብልቃጡን ሳያደርቁ ማሸግ

ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ ስትሞቅ ወደ እንፋሎት ትለወጥና የራሷን ግፊት ትጨምራለች፤ መስመሩም ከሚገባው በላይ ሽቅብ ይወጣና ፍጹም ዜሮ እጅግ ቀርቦ ይታያል። በሁለት ነጥብ ብቻ ከሠራችሁ ይህን ማወቅ አትችሉም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ይገኛልና። በ30ና በ60 ዲግሪ ላይም አንብቡ። ነጥቦቹ ወደ ላይ ከታጠፉ ብልቃጡ እርጥብ ነው።

መስመሩን እንደ ምክንያት መቁጠር

መልሱ በትክክል 273 ሲመጣ ብዙዎች «አሉታዊ ግፊት ስለሌለ ከዚያ በታች ሙቀት የለም» ብለው ይዘጉታል። ይህ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። ብልቃጡን በእውነት ብናቀዘቅዘው ኦክስጅኑና ናይትሮጅኑ ፍጹም ዜሮ ከመድረሳቸው በፊት ፈሳሽ መሆን ስለሚጀምሩ መስመሩ ታች ሳይደርስ ይሰበራል። መስመሩ ቦታውን ይጠቁመናል እንጂ ከዚያ በታች ለምን መውረድ እንደማይቻል አይነግረንም።

በ1848 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ የየትኛውንም ጋዝ ጠባይ የማይጠብቅ መለኪያ ፈለገ፤ መነሻውም የሙቀት ሞተር ነበር። ከ373 ኬልቪን ሙቀት ወስዶ ቀሪውን በ273 ኬልቪን የሚያስወጣ ሞተር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከወሰደው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው 27 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ማስወጫው በቀዘቀዘ ቁጥር ድርሻው ይጨምራል፤ ማስወጫው ዜሮ ኬልቪን ቢሆን መቶ በመቶ ይሆናል። ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ማስወጫ ቢኖር ሞተሩ ከተቀበለው ሙቀት የበለጠ ሥራ ይሰጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጉልበትን ከምንም መፍጠር ነው። ወለሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቅንጣቶች በኩል ስናየውም ያው ነው። ማቀዝቀዝ ማለት ጉልበት ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ የጉልበት ደረጃ ላይ ካረፈ የሚወጣ ነገር የለም። ይህ ግን «ሁሉም ነገር ይቆማል» ማለት አይደለም፤ ሌላው የተለመደ ስህተት ይኸው ነው። ሂሊየም በተለመደው የአየር ግፊት ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ አይረጋም፤ እንዲረጋ 25 እጥፍ ያህል ግፊት ያስፈልገዋል። በዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚቀረው እንቅስቃሴ ሊወሰድ ስለማይችል አቶሞቹን ቦታ አያስይዛቸውም።

እዚያ መድረስስ? ወደ ዜሮ በቀረባችሁ ቁጥር እያንዳንዱ የማቀዝቀዣ እርምጃ የሚያወርደው እያነሰ ስለሚሄድ፣ በተወሰኑ እርምጃዎች ዜሮን መንካት አይቻልም። በ2021 በጀርመን የተመራ ቡድን አቶሞችን እስከ አንድ ኬልቪን 38 ትሪሊዮንኛ ድረስ አቀዝቅዟል። ያም ቢሆን ዜሮ አይደለም።

ልዩነት ላይ 273 መደመር

ይህ የፈተና ስህተት ነው፤ ማብራሪያው አጭር፣ የሚያሳጣው ነጥብ ግን ብዙ ነው። ውሃ ከ25 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ለውጡ 20 ዲግሪ ነው፤ በኬልቪንም 20 ነው፣ 293 አይደለም። የሁለቱ መለኪያዎች እርከን እኩል ስለሆነ 273.15 የሚደመረው ንባብ ላይ እንጂ ልዩነት ላይ አይደለም። የውሃውን ሙቀት ለማስላት ለውጡን ስትፈልጉ ሴልሺየስ ይበቃችኋል፤ የጋዝ ግፊትን ለመጠነ ሙቀት ስታካፍሉ ግን ኬልቪን ግድ ነው።