ክፍል ውስጥ ያለውን የውጤት ልዩነት በአጭር ፈተናና በክለሳ እንዴት ማጥበብ ይቻላል

አንዳንዱ ተማሪ ትምህርቱ ሳይገባው ክፍሉ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። ክፍተቱ የሚሰፋው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ቤንጃሚን ብሉም በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ የተለየ ነው፦ ጊዜው ይለያይ እንጂ የሚደረስበት ደረጃ ለሁሉም አንድ ይሁን። የክፍልፋይ ድመራን ወስደን አሠራሩን እንይ።

መጀመሪያ ደረጃውን ይወስኑ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 80 በመቶ ነው፤ ከ5 ጥያቄ 4 ማለት ነው።

ካስተማሩ በኋላ ማርክ የማይያዝበት አጭር ፈተና ይስጡ። የ2 እና የ3ን ትንሹን የጋራ ብዜት ይጠይቁ። 1/2ን በስድስተኛ እንዲጽፉ ያድርጉ። 1/2 + 1/3 እና 3/4 + 1/6ን ያስደምሩ። በመጨረሻም የ1/2 + 1/3 ድምር ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለው ይጠይቁ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ማርክ አይቁጠሩ፤ ስህተቱን ያንብቡ። ለ1/2 + 1/3 መልሱን 2/5 ያለ ልጅ ላዕሉንም ታህቱንም ለየብቻ ደምሯል። 2/6 ያለው ግን የጋራ ታህቱን አግኝቷል፤ ላዕሎቹን መቀየር ነው የረሳው። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በወረቀት ቁራጭ ግማሽና ሲሶ አስቀጥሎ ድምሩ ከግማሽ እንደሚበልጥ፣ 2/5 ደግሞ ከግማሽ እንደሚያንስ በዓይኑ ይይ። ሁለተኛው እኩል ክፍልፋዮችን ብቻ ይለማመድ። ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብሎ መድገም ለማንም አይጠቅምም። ከግማሽ በላይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ከሳተ ግን ችግሩ ከማስተማሩ ነውና ለሁሉም በሌላ መንገድ ያስተምሩ።

ቀድመው ያለፉት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አይሂዱ፤ ክፍተቱ እንደገና ይሰፋል። እዚያው ርዕስ ላይ ከበድ ያለ ነገር ይስጧቸው፤ ለምሳሌ ድምራቸው 7/12 የሚሆን ሁለት ክፍልፋዮችን ይፈልጉ።

ከእርማቱ በኋላ እርዳታ ያገኙት ሁሉ ተመሳሳይ ክብደት ያለው፣ ቁጥሩ የተለየ ሁለተኛ ፈተና ይውሰዱ።

ማለፍ ግን ማስታወስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ግን ያነበቡትን ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት በለጡ። ስለዚህ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ደብተር ተዘግቶ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ ይሠራ። መልሱ ወዲያው ይነገር፤ አለዚያ ስህተቱ ይተከላል።

ለዚህ ሁሉ በየምዕራፉ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተጨማሪ ይፈጃል። ዘዴው የማይፈታውም ነገር አለ። የማባዛት ሰንጠረዥ የማይችል ልጅ የጋራ ብዜት ላይ ደጋግሞ ይወድቃል፤ ለእሱ የክፍልፋዩን እርማት አቁመው ከማባዛቱ ይጀምሩ።