ምግብ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ባለቤቱ ውጭ፦ ሥጋው የት ገባ?

ምግብ ቤቱን የሚያስተዳድርላችሁ ወንድማችሁ ወይም የአክስታችሁ ልጅ በወሩ መጨረሻ «ገቢ ይሄን ያህል፣ ወጪ ይሄን ያህል» ብሎ ቢጽፍላችሁ ሪፖርት ደረሰን አትበሉ። ግዢው በኪሎና በብር፣ ካሽ ሬጅስተሩ ከእያንዳንዱ ምግብ ስንት እንደሸጠ፣ በወሩ መግቢያና መውጫ ላይ የተቆጠረው ዕቃ፦ ሦስቱም ይላኩላችሁ።

የምግብ ዕቃ ወጪው ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ ማውጣት ቀላል ነው። የመግቢያው ዕቃ ላይ ግዢውን ደምሩ፣ የመውጫውን ቀንሱ፣ ቫቱ ተቀንሶ ለቀረው ሽያጭ አካፍሉ። 15 በመቶው ቫት ሽያጩ ውስጥ ከቀረ ወጪው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

መቶኛው ግን ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ የሚናገረው ኪሎው ነው። ለምሳሌ መግቢያ 20 ኪሎ ሥጋ፣ ግዢ 400፣ መውጫ 15 ቢሆን፣ የወጣው 405 ኪሎ ነው። የተሸጠው 900 ጥብስ በ250 ግራም፣ 300 ክትፎ በ300 ግራም ከሆነ 315 ኪሎ ይሆናል። 90 ኪሎ ጎደለ። ስልክ አንስታችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ግን ሥጋው ከነአጥንቱና ከነስቡ የተገዛ መሆኑን ጠይቁ። 10 ኪሎ ሲጠራ ስንት እንደሚቀር በቪዲዮ እያያችሁ አስመዝኑ። 8 ከቀረ፣ ለ315 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ 394 ኪሎ ግድ ነው፤ የጎደለው 11 ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያስመዝኑ በአጥንት የተነሳ ከወንድማቸው የተኳረፉ ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በየወሩ 50 ኪሎ የሚጎድል ከሆነ እንጀራውን ቁጠሩ። እንጀራውም ከተሸጠው ምግብ አንጻር በዝቶ ካለቀ፣ ምግቡ ያለ ደረሰኝ እየወጣ ነው፤ አስተናጋጁና ሒሳብ ተቀባዩ ላይ አተኩሩ። (ጭማሪ እንጀራ ካልተመዘገበ ግን ይህ ፈተና ያሳስታል።) እንጀራው ልክ ሆኖ ሥጋው ብቻ ከጎደለ፣ ወይ ወጥ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል፣ ወይ ጥሬውን ወጥቷል። ኪሎው ገጥሞ ብሩ ብቻ ከበዛ ደግሞ ጉዳዩ የገዢው ነው፤ በዚያው ቀን እዚያው ሰፈር ያለ ሌላ ሉካንዳ ዋጋ ይጠየቅ።

የዘመድ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የሚገዛው፣ የሚመዝነውና የሚቆጥረው አንድ ሰው አይሁን። ገዢው ወንድማችሁ ሆኖ ቆጣሪዋ ሚስቱ ከሆነችም ያው አንድ ሰው ነው። «አላመናችሁኝም» ብሎ ይቀየም ይሆናል፤ ደንቡን ሥራ ሳይጀምር ንገሩት፣ ጉድለት ከታየ በኋላ ሲመጣ ክስ ይመስላል። የሚዛኑና የደረሰኙ ፎቶ በዕለቱ ይላክ። በወሩ መጨረሻ ተጠርዞ የሚመጣ፣ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ የተጻፈ ሠላሳ ደረሰኝ አትቀበሉ። ቀኖቹንም እዩ፦ የጾም ምግብ ብቻ በተሸጠበት ዓርብ 20 ኪሎ ሥጋ የተገዛው ለማን ነው?

እናታችሁና ጎረቤቶቿ መጥተው የሚበሉት ምሳም «የቤት» ተብሎ በዜሮ ብር ይመዝገብ፤ ካልተመዘገበ ጉድለቱ ወጥ ቤቷ ላይ ይወድቃል።