የቅምሻ ቀን ሲዛወር ለሙሽሮች በምንልከው መልእክት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ነው እንበል። የምግብ ቅምሻው ቅዳሜ ኅዳር 6 ተይዟል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ የምግብ አዘጋጇ ትደውላለች፤ የኩሽናው የውሃ መስመር ፈንድቷል፣ ቅዳሜ መሥራት አይቻልም። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሙሽራው እዚሁ ነው፣ ሙሽሪት አዲስ አበባ ትሠራለች። እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ጊዜ ልኬአለሁ፤ ተሳስቼም ሰው አጉላልቻለሁ። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ዋናውን ነገር ከሰላምታ በታች መቅበር። ጎጃም ውስጥ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ይከብዳል። ስልክ ላይ ቀድማ የምትታየው ግን የመጀመሪያዋ መስመር ናት። ሙሽሪት ሥራ ላይ ሆና «እንደምን አላችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» የሚለውን ብቻ ካየች፣ ማታ አነበዋለሁ ብላ ታልፈዋለች። እስከዚያ የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣለች። ሰላምታው አጭር ይሁን፣ መዛወሩ እዚያው መስመር ላይ ይነገር።

«ባጋጠመን ችግር ምክንያት» ብሎ ማለፍ። ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው የምግብ አዘጋጇ ሥራውን ትታለች ወይም ዋጋ ልትጨምር ነው ብሎ ነው። የውሃ መስመር ከሆነ የውሃ መስመር ነው በሉ።

ጾሙን ሳያዩ ቀን መስጠት። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ኩሽናው ረቡዕ ኅዳር 10 ክፍት ነው ቢባል ያ ቀን ለቅምሻ አይሆንም። ሙሽሮቹ ባይጾሙ እንኳ እናቶቻቸው ይጾማሉ፤ የዶሮውን ነገር የሚፈርዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ወጥ ሠሪዋም ብትሆን በጾም ቀን ጨውና በርበሬውን ቀምሳ አታስተካክልም። ዓርብ ኅዳር 12 የሚካኤል ክብረ በዓል ነው፣ ግን ዓርብ ስለሆነ ጾሙ አይቀርም። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል።

ታዲያ ከገና በኋላስ? በዚያን ጊዜ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ተኩል ነው የሚቀረው። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት። በርበሬው አልተወደደም ቢባል ሌላ ገዝቶ፣ አስጥቶ፣ ደልዞ፣ አስፈጭቶ የሚደርስበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለቱም አማራጮች ከኅዳር 15 በፊት መሆን አለባቸው።

ሁለት የሚመስል አንድ ምርጫ መስጠት። «ማክሰኞ 4 ሰዓት ወይም ማክሰኞ 10 ሰዓት» ማለት 300 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትሠራ ሙሽሪት አንድ ቀን ነው። አንዱን ከሥራ ቀን፣ ሌላውን ከቅዳሜና እሑድ ምረጡ። ደግሞ ሳትልኩ በፊት ሁለቱንም ቀን የምግብ አዘጋጇ «ይዤላችኋለሁ» ትበል። አንድ ጊዜ ሳልጠይቃት ሁለት ቀን ሰጠሁ፤ ሙሽሮቹ የመረጡት ቀን ኩሽናው ለተዝካር ተይዞ ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ሰዓቱን በግማሽ መጻፍ። «በ3 ሰዓት» ብቻ ከተባለ፣ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ያደረገ ሰው ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ መሆኑን፣ ዕለቱንና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ።

«የሚመቻችሁን አሳውቁን» ብሎ መተው። ዶሮ ወጥ በድንገት አይሠራም። ለማክሰኞ ዶሮው ሰኞ ይገዛል፤ ሽንኩርቱ ማክሰኞ በጠዋት ተከትፎ ለሰዓታት ይቁላላል። መልሱ ሰኞ ማታ ከመጣ ማክሰኞ የለም። ስለዚህ የመልሱ ሰዓት ይቆረጥ፣ መልስ ከጠፋ የትኛው ቀን እንደሚጸናም ይነገር።

ያን ሐሙስ ማታ የምልከው ይህን ነው፦

> እንደምን አመሻችሁ፤ የቅዳሜው (ኅዳር 6) የምግብ ቅምሻ ተዛውሯል፣ ቅዳሜ እንዳትመጡ። የኩሽናው የውሃ መስመር ፈንድቶ እየተጠገነ ነው። ስላጉላላናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> ሁለት ቀን ተይዞላችኋል፦
> 1. ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት
> 2. ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
>
> ሁለቱም የፍስክ ቀን ናቸው። ቦታው፣ የምግቡ ዓይነትና ዋጋው እንደነበረ ነው። ስድስት ሰው እንደምትመጡ ይዘናል።
>
> እስከ እሑድ ኅዳር 7 ምሽት 12 ሰዓት «1» ወይም «2» ብላችሁ መልሱልን። መልስ ካልደረሰን ቅዳሜን እንይዛለን።

መልእክቱን ለሁለቱም እልካለሁ። «ለእሱ ነግሬዋለሁ» ማለት ለእሷ መንገር አይደለም። «2» ብለው ሲመልሱ «ቅዳሜ ኅዳር 13 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጸንቷል» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያው ለምግብ አዘጋጇ ደውዬ ማክሰኞን እለቅላታለሁ።