የሳልባጅ ሱሪ ልክ፦ ቁጥሩ ሲጠፋ ወይም ሲያሳስት

ሳልባጅ ሱሪ ይዘው ወደ ስፌት ቤት የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ወገቡን ብቻ አይተው የገዙ ናቸው። ወገብ ደግሞ ከሱሪው በቀላሉ ከሚስተካከሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ጨርቁ ደህና፣ ዚፑ ደህና የሆነ ሱሪ ይዤ «ይኼስ አይሆንም» ስል በጣም ያሳዝነኛል። እንደዚያ የምለው ችግሩ መርፌ በማይደርስበት ቦታ ሲሆን ነው፤ ማለትም ከወገቡ ጠርዝ እስከ ብሽሽቱ መጋጠሚያ ባለው ቁመትና በጭኑ ስፋት። ስለዚህ ቁጥሩ የጠፋ ሱሪ ስትመርጡ የማይስተካከለውን አስቀድማችሁ ለኩ። ወገቡና የእግሩ ርዝመት በኋላ ይደረስባቸዋል።

ከቤት ሳትወጡ

ገበያ ላይ ሱሪ አውልቆ መሞከሪያ ቦታ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሰው ከውስጥ ስለሚደርብ በለበሱት ላይ አጥልቆ ማየቱም አያስተማምንም። የሚሻለው ልብስን ከልብስ ጋር ማስተያየት ነው። ቤታችሁ ካለው ሱሪ ቁጭ ብድግ ስትሉ የሚመቻችሁን አንዱን አንሡ። ቁልፉንና ዚፑን ዝጉና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ የፊቱና የኋላው የወገብ ጠርዝ እኩል ይግጠም፤ ጨርቁን አትወጥሩት። ከዚያ አራት ቦታ ለኩ፦ ወገቡን ከዳር እስከ ዳር፣ ከፊት በኩል ከወገቡ ጠርዝ እስከ ብሽሽቱ መጋጠሚያ፣ ጭኑን ከመጋጠሚያው ሥር አግድም፣ በመጨረሻም የውስጥ እግሩን ከመጋጠሚያው እስከ ታች።

ሜትር ካላችሁ በሳንቲም ጻፉት። ከሌላችሁ አንድ ሲባጎ ውሰዱና ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ ልክ አንድ ቋጠሮ ቋጥሩ። የሱፍ ክር ወይም የሚሳብ ገመድ አይሁን። በስንዝር መለካት የለመደ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስንዝር እንደ አዘረጋጉ አንድ ሁለት ሳንቲም ይጨምራል ይቀንሳል። ተዘርግቶ በተለካ ጭን ላይ የሁለት ሳንቲም ስሕተት ዙሪያውን አራት ሳንቲም ነው፤ አራት ሳንቲም ደግሞ ሱሪውን ሊያስጥል ይችላል።

ምልክት፦ ወገቡ ልክ ነው፣ ሲቀመጡ ግን ያንቃል፤ ከኋላ ወደ ታች ይንሸራተታል

መንስኤው ከወገብ እስከ ብሽሽት ያለው ቁመት ማጠሩ ነው። ሲቀመጡ ጨርቁ መቀመጫን ዞሮ መሄድ አለበት፤ አልበቃ ሲለው ወገቡን ወደ ታች ይስባል። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ሱሪዎች ከእምብርት ዝቅ ብለው እንዲለበሱ የተሰፉ ስለሆኑ ወገባቸው ሰፊ፣ ቁመታቸው አጭር ነው። ለዚህ ነው ወገቡን አንገት ላይ ጠምጥሞ መሞከር የሚያሳስተው። ጠርዙ ማጅራት ላይ ከተገናኘ ልክ ነው ይባላል፤ ዘዴው የቆመው ግን አንገት የወገብ ግማሽ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ቀጭን ወጣት ወንድ ላይ ይቀርባል። ብዙ ሴቶች አንገታቸው ከወገባቸው ግማሽ ያንሳል፤ ሆዱ ገፋ ያለ ሰውም አንገቱ እንደ ሆዱ አይወፍርም። ቢሠራ እንኳ የሚናገረው ስለ ወገብ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከመግዛት በፊት ነው። የፊቱ ቁመት ከእናንተ ሱሪ በሁለት ሳንቲም ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ተዉት። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሲለበስ ይሰፋል» ቢላችሁ፣ የሚሰፋው ትንሽ ወገቡና ጉልበቱ ነው፤ ቁመቱ ግን አይጨምርም። ጭኑም እንዲሁ ነው። በጅንስ የጭን ስፌት ውስጥ ጨርቁ ተጣጥፎ ከላይ ስለሚረገጥ የሚለቀቅ ትርፍ የለውም። የቢሮ ሱሪ አንዳንዴ ከውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ትርፍ ይተርፈዋል፤ ገልብጣችሁ እዩ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ይነበባል፣ ልብሱ ግን ቁጥሩን አይመስልም

በጅንስ ላይ ሁለት ቁጥር ካለ የመጀመሪያው ወገብ፣ ሁለተኛው የውስጥ እግር ነው፤ ሁለቱም በኢንች። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲም ስለሆነ 32 የሚለው ወገብ ዙሪያው 81 ሳንቲም ገደማ መሆን ነበረበት። ሲለካ 86 ወይም 88 ቢሆን አትደነቁ፤ ገዢ ትንሽ ቁጥር ሲያይ ስለሚወድ አሳንሰው የሚጽፉ ፋብሪካዎች አሉ። ቁጥሩ 46፣ 48 ወይም 50 ከሆነ የአውሮፓ የወንድ ልክ ሊሆን ይችላል፤ 48 በግምት ከ32 ወገብ ጋር ይሄዳል። የሴት ልክ ከዚህም ይብሳል፤ በእንግሊዝ 12 የሚባለው በአሜሪካ 8፣ በፈረንሳይ 40 ገደማ ነው። አንድ ቦንዳ ውስጥ የሁሉም አገር ልብስ ተደባልቆ ስለሚመጣ ቁጥሩን ለመነሻ ያህል እዩት፤ የሚወስነው ሲባጎው ይሁን።

የወገቡ ቁጥር ከጠፋ ሌላም ቦታ ፈልጉ። የአጠባበቅ መመሪያው የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ከውስጥ በጎን ስፌት ላይ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ ጅንስ ቁጥሩ በነጩ የኪስ ጨርቅ ላይ ታትሞበታል። የሙሉ ልብስ ኮት ከሆነ የውስጥ ኪሱን ፈልቅቃችሁ እዩ። ቁጥሩ በክር የተሠራ ከሆነ ፊቱ ቢያልቅም ጀርባው ላይ ይነበባል።

ምልክት፦ ዛሬ ልክ ነው፣ ተለብሶ ሲውል ይወርዳል

የሚሳብ ጅንስ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሲያረጅ ጨርቁ ወደ ቦታው አይመለስም። ገበያ ላይ ወገቡን በሁለት እጅ ስባችሁ ልቀቁት፤ እንደ ተሳበ ከቀረ ወይም ቀስ ብሎ ከተመለሰ ላስቲኩ ሞቷል። ጉልበቱና መቀመጫው አካባቢ ጨርቁ እንደ ሞገድ ከተኮማተረ፣ ቀጫጭን ነጭ ክሮችም ብቅ ካሉ ያው ነው። እንዲህ ያለ ሱሪ ተዘርግቶ ሲለካ ከእውነተኛ ልኩ በላይ ሰፍቶ ይታያል፤ ብታስጠብቡትም ከወር በኋላ እንደገና ይሰፋል። አልመክርም።

ምልክት፦ ልኩ ሁሉ ይስማማል፣ ሲለበስ ግን ጠማማ ነው

ብዙ ጊዜ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው አስተካክሎታል ማለት ነው። ከኋላ ቆማችሁ ሁለቱን ኪሶች ተመልከቱ። ከመጠን በላይ ከተቀራረቡ ወይም መካከለኛው የቀበቶ ማስገቢያ ከመካከለኛው ስፌት ዘወር ካለ ወገቡ ከኋላ ጠብቧል። ገልብጡት፤ የክሩ ቀለም ይለያል፣ ወይም ከስፌቱ ጎን የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ይኼ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። የቀድሞው ልብስ ሰፊ ትርፉን ጨርቅ ካልቆረጠው ወገቡን መልሶ ማስፋት ይቻላል፤ ስለዚህ ትርፉን በጣት ዳሱት።

የእግሩ ጫፍም እንዲሁ ነው። የታጠፈው ውስጥ ምን ያህል ጨርቅ እንዳለ ገልብጣችሁ ለኩ፤ የሚረዝመው በዚያ ልክ ነው። ጅንስ ከሆነ ግን የድሮው እጥፋት ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ታጥቦም አይጠፋም። የሱፍ ቅልቅል የቢሮ ሱሪ ላይ በእንፋሎት ሲተኮስ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል።

አንድ ምርጫ ከነቁጥሩ

የቢሮ ሱሪ የሚፈልግ ሰው አስቡ። የሚመቸው ሱሪ ተዘርግቶ ሲለካ ወገቡ 41፣ የፊት ቁመቱ 27፣ ጭኑ 31፣ የውስጥ እግሩ 79 ሳንቲም ነው። ገበያ ላይ ቁጥር የሌላቸው ሁለት ሱሪዎች አገኘ። የመጀመሪያው ወገቡ ልክ 41፣ እግሩም 79 ነው፤ ማንም ሰው አንገቱ ላይ ቢሞክረው ይኼን ይወስዳል። የፊት ቁመቱ ግን 24፣ ጭኑ 28 ነው። ጭኑ ዙሪያውን ስድስት ሳንቲም ጎደለው ማለት ነው፤ ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፌት ይተረተራል።

ሁለተኛው ወገቡ 43፣ የፊት ቁመቱ 27.5፣ ጭኑ 31.5፣ እግሩ 75 ነው። ሲያዩት ሰፊና አጭር ነው። የማይስተካከሉት ሁለቱ ግን ልክ ናቸው። ወገቡ ዙሪያውን አራት ሳንቲም ይጠባል፤ ከኋላ መካከል ሲጠብ ኪሶቹ ብዙ አይቀራረቡም። ከዚያ ብዙ አልፎ መጥበብ ካስፈለገ ጎኑም መፈታት አለበትና ሥራውም ዋጋውም ይበዛል። እግሩ ውስጥ አምስት ሳንቲም ታጥፏል፤ አራቱ ይለቀቅና 79 ይሆናል፣ የቀረው አንዱ ላይ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ይቀጠልበትና ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የሚገዛው ሁለተኛው ነው። ዋጋ ስትከራከሩ የልብስ ሰፊውን ሒሳብ ጨምራችሁ አስቡ።

ጃኬትና ኮት ከሆነ

እዚህም የማይስተካከለውን አስቀድሙ፤ ትከሻውን ማለቴ ነው። ገበርና ማጠንከሪያ ያለውን ኮት ትከሻ መቀየር ኮቱን ፈትቶ እንደገና የመስፋት ያህል ነው። ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት በጀርባ ለኩና ከምትለብሱት ጋር አስተያዩ። የደረቱ ትርፍ ግን እንደምትኖሩበት ይለያያል። ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ኮቱ ሸሚዝ ላይ ከሆነለት ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ወይም መሃል ሜዳ የሚለብሰው ግን ሹራብ ደርቦ ደረቱን ይለካ፤ ከብብት እስከ ብብት የተለካው የኮት ስፋት ሁለት ጊዜ ተደምሮ ከዚያ ቢያንስ በአሥር ሳንቲም መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ቁልፉ ቢገጥምም እጅ ወደ ላይ አይነሣም።

ምልክት፦ ሹራቡ ወፍራምና ጥሩ ነው፣ እጅጌው ግን አጭር

የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ክሮቹ ተያይዘው ይጠብቃሉ። በርኖስ የሚለብሱ የመንዝ ሰዎች የጠበቀ ሱፍ በእጅ ሲዳሰስ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። ሹራቡን ወደ ብርሃን አንሡት፤ የጥልፉ ዓይኖች ካልታዩ፣ ሲሳብም እንቢ ካለ፣ የተጻፈበት ቁጥር ሊነበብ ቢችል እንኳ ከመጨማተሩ በፊት የነበረ ቁጥር ነው። በእንፋሎት ወጥራችሁ አንድ ሳንቲም ብታገኙ በሚቀጥለው እጥበት ይመለሳል። ልኩ አሁን የምታዩት ነውና፣ ለእናንተ ከጠበበ ለልጅ ያዙት።