ፕሬዳቶሪ ጆርናልን ዋቢ ሲያደርጉ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በደቡብ ወሎ ተዳፋት ማሳዎች ላይ የድንጋይ እርከን የሚያስገኘውን ጥቅም የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ እንውሰድ። መግቢያው ላይ «እርከን የጤፍን ምርት በ62 በመቶ ያሳድጋል» ብሎ ጽፎ ከኢንተርኔት ያገኘውን አንድ ጽሑፍ ዋቢ አድርጓል። ጽሑፉ የወጣው በፕሬዳቶሪ ጆርናል፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ሁነኛ ግምገማ በሚያሳትም መጽሔት ላይ ነው። ተማሪውም ቁጥሩም ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። ስህተቶቹ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የገመገመ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

ቁጥር ስላለው ማመን

ጽሑፉ ላይ የጆርናሉ መለያ የሆነ ባለ 8 አሃዝ የአይኤስኤስኤን ቁጥር አለ፤ ዲኦአይም አለው፤ ጉግል ስኮላር ላይም ወጥቷል። ሦስቱም ስለ ጥራት የሚሉት ነገር የለም። አይኤስኤስኤን እንደ መኪና ታርጋ ነው፦ መመዝገቡን እንጂ ፍሬኑ መሥራቱን አይነግርዎትም። ዲኦአይ የጽሑፉ ቋሚ አድራሻ ነው። ጉግል ስኮላር ደግሞ ጥናት የሚመስለውን ሁሉ በሶፍትዌር ይሰበስባል እንጂ አያበጥርም።

ጆርናሉ ስለ ራሱ የሚለውን መቀበል

«ስኮፐስ ላይ ተመዝግበናል»፣ «ከፍተኛ ኢምፓክት ፋክተር አለን» የሚለውን ማንም ድረ ገጹ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ስኮፐስ የተመረጡ ጆርናሎች የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት ነው። የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ኢምፓክት ፋክተር የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን «ፋክተሮች» በገንዘብ የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ ማጣራት ያለብዎት ከሌላው ወገን ነው። የአይኤስኤስኤን ቁጥሩን ቀድተው portal.issn.org ላይ ይፈልጉና ስሙ መግጠሙን ይዩ። ከዚያ በስኮፐስ የጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት፤ ሲያገኙት ደግሞ የተሸፈኑትን ዓመታት ያንብቡ፤ ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላም ስሙን ይዞ የሚነግድ ጆርናል አለና። በነጻ የሚነበብ ጆርናል ከሆነ doaj.org ላይም ይሞክሩ።

በመጨረሻ የድረ ገጹን አድራሻ በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽሩ። የእውነተኛ ጆርናልን ስምና ቁጥር ሰርቀው በሌላ አድራሻ የሚከፍቱ ስላሉ፣ ስሙ ትክክል ሆኖ ቤቱ የሌባ ሊሆን ይችላል።

ቀኖቹን ዘሎ ማለፍ

የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የገባበትና ተቀባይነት ያገኘበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። በምሳሌያችን መካከላቸው 4 ቀን ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንብበው፣ አስተያየት ጽፈው፣ ደራሲው አርሞ የሚመልስበት ሥራ በ4 ቀን አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ያሳተመው ዘገባ ሆን ተብሎ ስህተት የተሞላበት ጥናት ለ304 በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ተልኮ 157ቱ እንደተቀበሉት አሳይቷል።

የማያውቁትን ሁሉ አጭበርባሪ ማለት

ይህ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ስኮፐስ ውስጥ ያልገባ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ጆርናል በዚያ ብቻ አይጠረጠርም። ማሳተሚያ ማስከፈልም በራሱ ወንጀል አይደለም። መለያው ገንዘቡን ተቀብሎ ግምገማውን መዝለሉ ነው።

«ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው» ብሎ መተው

አጥብቀን የምንቃወመው ይህን ነው። እርከን አፈር እንደሚይዝ ማንም የወሎ ገበሬ ያውቃል፤ ታዲያ ዋቢው ቢበላሽ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ቁጥሩ ነው። የምሳሌያችን ጽሑፍ የ12 ገበሬዎችን ምርት፣ ከእርከኑ በፊት ከነበረው ዓመት አገኘን ካሉት ጋር አነጻጽሯል። ሁነኛ ገምጋሚ ቢያነበው ወዲያው ይጠይቅ ነበር፦ የሁለቱ ዓመታት ዝናብ እኩል ነበር? እርከኑ ራሱ የወሰደው መሬት ከስሌቱ ገብቷል? ናሙናው የታጨደው ከእርከኑ በላይ፣ ደለል በተጠራቀመበት ነው ወይስ በታች፣ አፈሩ በሳሳበት? ናሙናው ከላይ ብቻ ከተወሰደ ምርቱ ተጋንኖ ይታያል። እነዚህን ጥያቄዎች ያነሳ ሰው ስለሌለ 62 በመቶው ያልተፈተነ ምስክር ነው።

ተማሪው ደግሞ በዚህ ቁጥር ላይ የገቢ ስሌት ሠርቷል፤ ከገቢው ተነስቶ ለወረዳው ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። ፈታኙ ያቺን አንዲት ዋቢ ሲነቅል ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹንም ዋቢዎች በጥርጣሬ ዓይን ነው የሚያነባቸው።

ማስተካከያው ዋቢውን በሌላ ዋቢ መተካት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የጽሑፉን ዋቢዎች ተከትለው ይፈልጉ፤ ዋናው ጥናት ከተገኘ እሱን አንብበው ይጥቀሱ። ደሴ አቅራቢያ ባለው ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ልኬት ሲመዘገብ ኖሯልና፣ ለዚህ ርዕስ ፍለጋው ከዚያ ቢጀመር ይሻላል። ምንም ካልተገኘ 62 በመቶው ይውጣ፤ ዓረፍተ ነገሩም «እርከን ከማሳ የሚታጠበውን አፈር ይቀንሳል፤ በጤፍ ምርት ላይ ያለው ለውጥ በዚህ ጥናት ይለካል» ተብሎ ይጻፍ።