ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ያገለገለ መኪና ከግለሰብ ልትገዙ ነው? ሊብሬውን አይታችሁ ብቻ ቀብድ እንዳትጥሉ። መጀመሪያ ሻንሲ ቁጥሩን ራሱ ብረቱ ላይ ፈልጉት፤ እንደ መኪናው ዓይነት ቦኔት ስር ወይም ከፊት ወንበር ስር ይገኛል። በስልክ ፎቶ አንሱትና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ወይም አዲስ ቀለም ካያችሁ ግዢው ይቅርባችሁ።

የባንክ ዕዳ ግን ብረት ላይ አይታይም። እገዳው የሚገኘው የመኪናው ፋይል ባለበት ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ከባለቤቱ ጋር አብራችሁ ሂዱና ፋይሉን አስፈትሹ።

እኔ አንዴ ሻጩ የሊብሬ ኮፒ ብቻ ይዞ "ኦሪጅናሉ ቤት ነው፣ ዛሬ ቀብድ ጣል" አለኝ። እምቢ ብዬ ፋይሉን አስፈተሽን። የባንክ እገዳ ደብዳቤ ተያይዞበታል፤ ኦሪጅናሉም ባንክ ነበር።